ከውጭ ሆነው አዳማ ባለ የቤተሰብ ድርጅት ላይ ገንዘብ ከማዋልዎ በፊት ባለቤትነቱን የሚያጣሩበት መመሪያ

በሒሳብ ሥራና በድርጅት ሰነዶች ላይ አዳማ ውስጥ ስሠራ ከውጭ አገር የሚደርሰኝ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «የአክስቴ ልጅ ካለው ፋብሪካ ሠላሳ በመቶ ሊሰጠኝ ነው፤ የታደሰ ንግድ ፈቃዱንም በቴሌግራም ልኮልኛል፤ ገንዘቡን ልላክ ወይ?» ይሉኛል። የምመልሰውም ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ ንግድ ፈቃድ ድርጅቱ እንዲነግድ መፈቀዱን እንጂ የድርጅቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አይናገርም። ባለቤትነት የሚጣራው በሌሎች ወረቀቶች ነው፤ እነሱን እንዴት እንደሚያገኙና እንዴት እንደሚያነቧቸው ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

መመሪያው የሚመለከተው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርን ነው፤ በቤተሰብ የተቋቋሙት አብዛኞቹ ፋብሪካዎች፣ ሆቴሎችና አስመጪዎች በዚህ መልክ የተመዘገቡ ናቸውና። ዘመድዎ በግለሰብ ነጋዴነት ብቻ ተመዝግቦ ከሆነ የሚሸጥልዎ አክሲዮን የለም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ «ሠላሳ በመቶ» ማለት በሁለታችሁ መካከል ከሚደረግ የብድር ወይም የሽርክና ቃል ያለፈ ትርጉም ስለማይኖረው፣ መጀመሪያ ማኅበር እንዲቋቋም ይጠይቁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የድርጅቱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። አሥር አሃዝ ያለው ነው፤ ብዙ ሰው ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ትቶ ስለሚልክ ይቁጠሩት።
- የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀቱ የፊትና የጀርባ ፎቶ። ከንግድ ፈቃዱ የተለየ ወረቀት ነው።
- የአባላቱ ሁሉ ስም እስከ አያት፣ እንዲሁም የእያንዳንዳቸው ስልክ ቁጥር።
- ለወኪልዎ ፋይሉ እንዲታይ የሚፈቅድ፣ በሥራ አስኪያጁ የተፈረመና የድርጅቱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ።
- ለማጣራት ብቻ የተወሰነ የውክልና ሰነድ።
- ፓስፖርትዎ፤ የውጭ ዜግነት ከወሰዱ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዎ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱ።
- ከሻጩ ጋር ዝምድና የሌለው ወኪል። ከዝርዝሩ ሁሉ ለማግኘት የሚያስቸግረው ይህ ነው። ሆኖም ለወንድሙ የሚያጣራ ወንድም ፋይሉ ውስጥ ያየውን ሁሉ እንዲነግርዎ መጠበቅ በእሱም ላይ ከባድ ሸክም መጫን ነው።

ከአንድ ወር ያነሰ ጊዜ ለራስዎ አይስጡ። ሻጩ «እስከ ዓርብ ካልላክሽ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ካለ ዓርብ ይለፍ።

1. የሚገዙት ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲነገርዎ ይጠይቁ

ወደ ማኅበር የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ከነባር አባል አክሲዮን መግዛት ሲሆን፣ ገንዘቡ የሚሄደው ለሻጩ ግለሰብ ነው፤ የድርጅቱ ካዝና አንድ ብር አይጨምርም። ሁለተኛው ድርጅቱ ካፒታሉን አሳድጎ አዲስ አክሲዮን ሲያወጣልዎ ነው፤ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ድርጅቱ የባንክ ሂሳብ ይገባል። ልዩነቱ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሚጣራው ነገር ስለሚለያይ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ሻጩ የሚሸጠው አክሲዮን በእርግጥ የእሱ መሆኑ ይጣራል፤ በሁለተኛው ደግሞ ካፒታል እንዲያድግ የወሰኑት ሰዎች የመወሰን መብት ያላቸው አባላት መሆናቸው።

ስሌቱም ይለያያል። 4,000 አክሲዮን ካለው ድርጅት 1,200 ነባር አክሲዮን ከገዙ ድርሻዎ 30 በመቶ ነው። እነዚያው 1,200 በአዲስ መልክ ከወጡልዎ ግን ጠቅላላው 5,200 ስለሚሆን ድርሻዎ ወደ 23 በመቶ ይወርዳል። በአዲስ አክሲዮን 30 በመቶ ለመያዝ ወደ 1,714 ገደማ ያስፈልግዎታል። «ሠላሳ በመቶ» የሚለውን ቃል ብቻ ይዘው የተስማሙ ሰዎች እዚህ ላይ ሲጣሉ አይቻለሁ፤ ማንም ማንንም ለማታለል አላሰበም ነበር።

እግረ መንገድዎን በምን ዓይነት ሰውነት እንደሚገቡ ይወስኑ። የኢትዮጵያ ዜግነት ያለው ሰው፣ ወይም ቢጫ ካርድ ይዞ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መታየትን የመረጠ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አንድ መንገድ አለው። እንደ ውጭ ባለሀብት የሚገባ ሰው ግን በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት በመደበኛነት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200,000 ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በቅንጅት ከሆነ ደግሞ 150,000 ዶላር ማቅረብ ይጠበቅበታል፤ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተተዉ ሥራዎችም አሉ። ባለቤትነቱን ለሁለት ወር ካጣሩ በኋላ በስምዎ ሊዛወር እንደማይችል መስማት አያስፈልግም።

2. ድርጅቱ መኖሩን ከስልክዎ ያረጋግጡ

የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርን ገጽ `etrade.gov.et` ብለው በራስዎ እጅ ጽፈው ይክፈቱና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ይፈልጉ። ዘመድዎ ከላከልዎ ሊንክ አይግቡ፤ የፈቃዱን ኪውአር ኮድ ስካን ካደረጉም የተከፈተው አድራሻ ይኸው መሆኑን ይመልከቱ፤ ሐሰተኛ ፈቃድ የሠራ ሰው ሐሰተኛ ገጽም ሊሠራ ይችላል።

ከሚያገኙት ውጤት የድርጅቱን ስም፣ የምዝገባ ቁጥርና ቀን፣ የተከፈለ ካፒታል፣ የሥራ አስኪያጁን ስም፣ የንግድ ፈቃዶቹን ዓይነትና የታደሱበትን ጊዜ በፎቶ ከደረሰዎት ወረቀት ጋር ያመሳክሩ። በተለይ ካፒታሉን ይመዝግቡ፤ በአምስተኛው እርምጃ ላይ የድምር ማረጋገጫ ሆኖ ያገለግልዎታል።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ገጽ ላይ የሥራ አስኪያጅ ስም ማየት የባለቤትነት ማረጋገጫ አይደለም። ሥራ አስኪያጅ አንድም አክሲዮን የሌለው ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ማጣራቱን የሚያቆመው እዚህ ላይ፣ «ስሙን በመንግሥት ገጽ ላይ አየሁት» ብሎ ነው።

3. ለማጣራት ብቻ የሚያገለግል ውክልና ይስጡ

ባሉበት አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርበው ውክልናውን ይፈርሙ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ይመዘገባል። ይህ ሳይጠናቀቅ አዳማ ይዞት የሚሄድ ወኪል ከመስኮት ይመለሳል።

የውክልናው ቃል አጭርና ጠባብ ይሁን። «የዚህን ድርጅት ፋይል ለማየት፣ ከዋናው ጋር የተመሳከረ ኮፒ ለመጠየቅና ለመረከብ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት ገንዘብን በንግድ ላይ ለማዋል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ስምምነት ለመፈጸምና ለመሳሰሉት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ቆንስላው ውስጥ ያለው የተለመደ ቅጽ እነዚህን ሁሉ በአንድነት ዘርዝሮ ሊያቀርብልዎ ይችላል። የማያስፈልጉትን ያስወጡ። የመግዛትና የመፈረም ውክልና የሚሰጠው ማጣራቱ ካለቀ በኋላ፣ በሌላ ወረቀት ነው።

ከውክልናው ጋር የድርጅቱን የፈቃድ ደብዳቤ ማያያዝ አይርሱ። የንግድ መዝገብ በመርህ ደረጃ ለሚጠይቅ ሰው ክፍት ቢሆንም፣ የፋይሉ ኃላፊ ከድርጅቱ ደብዳቤ ካልመጣ ሙሉውን ፋይል ለማሳየት መቸገሩ የተለመደ ነው። ደብዳቤው ሌላም ጥቅም አለው፤ ለመጻፍ ያንገራገረ ሻጭ ገና ፋይሉ ሳይከፈት አንድ ነገር ነግሮዎታል።

4. ፋይሉ የት እንዳለ ይወቁ፣ የተመሳከረ ኮፒ ያውጡ

አዳማ የሚሠራ ድርጅት ሁሉ አዳማ የተመዘገበ አይደለም። አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ተመዝግቦ አዳማ ላይ ቅርንጫፍ ብቻ ያለው ብዙ ነው። የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ራስጌ ላይ የመዘገበው መሥሪያ ቤት ስም ተጽፏል፤ ዋናው ፋይል ያለው እዚያ ነው። ወረቀቱ የአዳማ ከሆነ ወኪልዎ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል።

ወኪሉ የሚጠይቀው መመሥረቻ ጽሑፉን፣ መተዳደሪያ ደንቡን፣ ከምሥረታ ጀምሮ የተደረጉ ማሻሻያዎችን ሁሉ፣ አክሲዮን የተላለፈባቸውን ወይም ካፒታል ያደገባቸውን ቃለ ጉባኤዎችና ውሎች ነው። እያንዳንዱ ኮፒ «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» የሚል ማኅተም፣ ፊርማና ቀን ይኑረው። ድርጅቱ ከራሱ መሳቢያ አውጥቶ የሚሰጥዎ ኮፒ ለዚህ ሥራ አይቆጠርም። መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት ሰዎቹ የተስማሙበትን ያሳይ ይሆናል፤ በሦስተኛ ወገን ላይ የሚጸናው ግን መዝገብ ላይ የደረሰው ነው፣ ሦስተኛው ወገን ደግሞ እርስዎ ነዎት።

አዳማ ላይ የሚያጋጥሙ ሦስት ነገሮች አሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የቅርብ ጊዜ ሰነዶች በቁቤ የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ካላነበቡት ፈቃድ ባለው ተርጓሚ ያስተርጉሙ። የአንድ ሰው ስም በፊደልና በቁቤ ሲጻፍ ሊለያይ ስለሚችልም እስከ አያት ድረስ ያመሳክሩት። ሁለተኛ፣ ቆየት ያሉ ሰነዶች ከተማዋን «ናዝሬት» ይሏታል፤ ሌላ ድርጅት መስሎዎት አይደናገጡ። ሦስተኛ፣ ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚለየውን ቀን ሳይቀይሩ ካነበቡ ከሞተ በኋላ የፈረመ ሰው በሕይወት እያለ እንደፈረመ ሊመስልዎት ይችላል።

5. የአክሲዮኑን ጉዞ ከምሥረታ እስከ ዛሬ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ

ማጣራት ማለት በዋናነት ይህ እርምጃ ነው። አንድ ወረቀት ወስደው በግራ በኩል ቀኖችን፣ በላይ በኩል የአባላትን ስም ይጻፉ። እያንዳንዱን የተመሳከረ ሰነድ በቀኑ ቅደም ተከተል እያነበቡ ከሰነዱ በኋላ እያንዳንዱ አባል ስንት አክሲዮን እንደያዘ ይሙሉ። በየመስመሩ ድምሩ በዚያ ጊዜ ከነበረው ካፒታል ጋር እኩል መምጣት አለበት፤ የመጨረሻው መስመር ደግሞ በሁለተኛው እርምጃ ካዩት የተከፈለ ካፒታል ጋር። ያልገጠመ መስመር ካለ፣ ያልተመዘገበ ዝውውር ወይም ከፋይሉ የጎደለ ወረቀት አለ ማለት ነው።

አንድ የያዝኩትን ጉዳይ፣ ሰዎቹና ድርጅቱ እንዳይታወቁ ዝርዝሩን ቀያይሬ ላሳይዎት። ካናዳ የምትኖር ሴት የአጎቷ ልጅ በሥራ አስኪያጅነት ከሚመራው የዱቄት ፋብሪካ 30 በመቶ፣ ማለትም 1,200 አክሲዮን ልትገዛ ተስማምታለች። የሰነዶቹ ጉዞ ይህን ይመስል ነበር፦

- 1999 ዓ.ም. መመሥረቻ ጽሑፍ፤ ካፒታል 1,000,000 ብር፣ እያንዳንዱ 1,000 ብር የሆነ 1,000 አክሲዮን። አባት 600፣ የአባት ወንድም 300፣ ልጅ 100።
- 2005 ዓ.ም. ማሻሻያ፤ ካፒታል ወደ 4,000,000 ብር አደገ። አባት 2,400፣ የአባት ወንድም 1,200፣ ልጅ 400።
- ከዚያ በኋላ በንግድ መዝገቡ ፋይል ውስጥ ስለ አክሲዮን የሚናገር ምንም ወረቀት የለም።

የመጨረሻው መስመር ድምር 4,000 ነው፤ ከካፒታሉ ጋርም ይገጥማል። ሻጩ ግን ሲጠየቅ «የአጎቴን ድርሻ በ2012 ገዝቼዋለሁ፣ አባቴም በ2014 አርፏል፣ አሁን ድርጅቱ የእኔ ነው» አለ። የገዛበትንም ወረቀት አመጣ። ወረቀቱ በሁለት ምስክሮች ፊት በእጅ የተፈረመ ነበር፤ ሰነዶች ማረጋገጫ ጋ አልቀረበም፣ በድርጅቱ የአባላት መዝገብ አልገባም፣ ንግድ ጽሕፈት ቤቱም አያውቀውም።

እንግዲህ ይቁጠሩ። በመዝገብ በሻጩ ስም ያለው 400 አክሲዮን ወይም 10 በመቶ ብቻ ነው። ሊሸጥላት የቀረበው 1,200 በመዝገብ ዛሬም የአጎቱ ነው። የአባቱ 2,400 ደግሞ የሞተ ሰው ስም ላይ ነው። እሱ የጋራ የትዳር ሀብት ከሆነ ግማሹ፣ 1,200፣ በሕይወት ያሉት እናት ድርሻ ነው፤ የቀረው 1,200 ለአራት ልጆች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 300 ይደርሳል። ልጁ ውርሱ ቢጣራለት እንኳ 700 አክሲዮን ወይም 17.5 በመቶ ይኖረዋል። «የእኔ ነው» ያለው ሰው ውሸታም አልነበረም፤ ፋብሪካውን ለዓመታት የመራው እሱ በመሆኑ እውነትም የእሱ ይመስለው ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የማኅበሩ መመሥረቻ ጽሑፍ አክሲዮን ለውጭ ሰው ሲተላለፍ የካፒታሉን ሦስት አራተኛ የያዙ አባላት ፈቃድ ይጠይቃል። የአጎት ልጅ መሆን ከዚህ አያድንም፤ ለማኅበሩ ውጭ ሰው ናት። አጎትና ልጅ ቢስማሙ እንኳ አብረው የያዙት 40 በመቶ ነው። የቀረውን 60 በመቶ ድምፅ ሊሰጥ የሚችል ሰው፣ ወራሾቹ በፍርድ ቤት ታውቀው በመዝገብ እስኪገቡ ድረስ፣ አልነበረም። ስለዚህ የአጎቱ ወረቀት ብቻ ቢስተካከልም ሽያጩ አይጸናም ነበር። ይህን ያሳየው ሠንጠረዡ ነው እንጂ አንድም ወረቀት ለብቻው አይደለም።

6. በሠንጠረዡ የመጨረሻ መስመር ላይ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ያነጋግሩ

እያንዳንዱን አባል በራስዎ ስልክ ይደውሉለት፤ ቁጥሩን ከሻጩ ብቻ አይቀበሉ፣ በሌላ ዘመድ በኩልም ያረጋግጡ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ «እስከ ዛሬ ድርሻዎን ለማንም ሸጠዋል፣ ሰጥተዋል ወይም በመያዣነት አስይዘዋል?» ለትልልቅ ሰዎች ሲደውሉ ጥርጣሬ እንዳይመስል «ሕጉ የአባላትን ፈቃድ ስለሚጠይቀኝ ነው» ብለው ይጀምሩ፤ ነገሩም ከእውነት የራቀ አይደለም።

በምሳሌው ላይ አጎትየው ሲጠየቁ «ሸጬለታለሁ፣ ግማሹን ግን እስከ ዛሬ አልከፈለኝም» አሉ። ገዢዋ ሳትደውል ገንዘቡን ለሥራ አስኪያጁ ልካ ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘቡ አጎትየው ዘንድ ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ አልነበረም።

አባል ሞቶ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቁ። አባል ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው መፈረም አለባት፤ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታልና የአንዱ ፊርማ ብቻ ያለበት ሽያጭ በኋላ በሌላው ሊከሰስበት ይችላል። «አላገባሁም» ወይም «ተፋትቻለሁ» ያለ ሰው የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃውን ወይም የፍቺ ውሳኔውን፣ የንብረት ክፍፍሉን ጭምር፣ ያቅርብ።

7. በፋይሉ ውስጥ እግድና መያዣ፣ ከፋይሉ ውጭ ደግሞ ካርታውን ይፈልጉ

ወኪልዎ የሚፈልጋቸውን ሰነዶች ብቻ መርጦ እንዳይመለስ ይንገሩት። በፋይሉ ውስጥ ያሉትን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ያገላብጥ። የፍርድ ቤት እግድ፣ የባንክ የመያዣ ደብዳቤ፣ የግብር ዕዳ ማሳወቂያ ሁሉ የሚገኘው እዚያው በደብዳቤዎቹ መካከል ነው። አክሲዮን እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ የሚከለክል አንድ እግድ እስካለ ድረስ የቀረው ሁሉ ንጹሕ መሆኑ ጥቅም የለውም።

ካርታው ደግሞ የብዙዎችን ድካም ከንቱ ያደረገ ነገር ነው። የድርጅቱን አክሲዮን መግዛት ማለት በድርጅቱ ስም ያለውን ሀብት ድርሻ መግዛት ነው፤ የፋብሪካው ግቢ በአባትየው የግል ስም ከተመዘገበ ግን እርስዎ የገዙት ወፍጮውንና ደንበኛውን እንጂ መሬቱንና ሕንፃውን አይደለም። መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ በዓይነት የተዋጣ ንብረት ተዘርዝሮ ከሆነ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ወደ ድርጅቱ ስም መዞሩን በከተማው የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ። ለተሽከርካሪዎች ሊብሬውን ይመልከቱ። መታየት ያለበት በካርታውና በሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው እንጂ የድርጅቱ ማስታወቂያ በበሩ ላይ መሰቀሉ አይደለም።

8. ፊርማና ክፍያን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ያድርጉ

ገንዘብዎን በራስዎ ስም ባለ የባንክ ሂሳብ ያስገቡ እንጂ ለሥራ አስኪያጁ የግል ሂሳብ «ቅድሚያ» ብለው አይላኩ። ለሻጩ የሚከፈለው በሲፒኦ፣ ማለትም ባንኩ ክፍያውን ባረጋገጠው ማዘዣ፣ ተሠርቶ ወኪልዎ እጅ ይቆይና ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ሻጩ፣ የትዳር ጓደኛውና ፈቃዳቸው የሚያስፈልግ አባላት ሲፈርሙ ይሰጥ። አዲስ አክሲዮን ከሆነ ሲፒኦው በድርጅቱ ስም ይሠራ።

ከዋጋው ከ20 በመቶ ያላነሰውን እስከ ምዝገባው ፍጻሜ እንዲያዘገዩ እመክራለሁ፤ በውሉም ውስጥ ይጻፍ። የተፈረመ ውል በድርጅቱ የአባላት መዝገብና በንግድ መዝገቡ ካልገባ፣ በምሳሌው ላይ ያለው የ2012 ወረቀት ወንድም ይሆናል፤ ሻጩ ሙሉ ገንዘቡን ከተቀበለ ደግሞ ለምዝገባው የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

የድርጅቱን ስም ብቻ ይዞ ማጣራት አንዱ ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ድርጅቶች ስላሉ፣ አንዳንዴም አንዱ ቤተሰብ ሁለት ማኅበር ስለሚኖረው፣ በሁሉም ወረቀት ላይ መለያ ቁጥሩ አንድ መሆኑን ይመልከቱ። ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰው አንዱ ማኅበር ሆኖ የሚሸጥልዎ ባዶው ሌላው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ቃለ ጉባኤን እንደ ዝውውር መቁጠር ነው። አባላት «ለእህታችን 30 በመቶ ተሰጥቷል» ብለው ቢወስኑ ፈቃዳቸውን ሰጡ እንጂ አክሲዮኑ አልተላለፈም፤ የሚያስተላልፈው ባለቤቱ ነው።

ሌላው በማጣራቱ ቀንና በፊርማው ቀን መካከል ወራት ማሳለፍ ነው። በፊርማው ሳምንት ወኪልዎ አንድ ጊዜ ተመልሶ ፋይሉን ይክፈት፤ አዲስ ደብዳቤ መግባቱን ለማየት ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

በካናዳዋ ሴት ጉዳይ ወራሾቹ በፍርድ ቤት ታውቀው በመዝገብ ገቡ፣ ያ ያልተመዘገበ ወረቀት በሁለቱ ስምምነት ተሰረዘ፣ ልጁ የከፈለው ግማሽ ተመለሰለት፣ አጎትየውና ባለቤታቸውም 1,200ውን አክሲዮን በቀጥታ ለእሷ ሸጡ። ስድስት ወር ፈጅቷል። ምዝገባው እንዳለቀ ወኪሏ አዲስ የተመሳከረ ኮፒ አውጥቶ ላከላት፤ የአያቷ ስም ከፓስፖርቷ ጋር በአንድ ፊደል ስለተለየ የቀረው ክፍያ ከመለቀቁ በፊት ተመልሶ እንዲታረም ተደረገ።